ፍተሻ ስላላለፈ ሎት ለአቅራቢ የሚጻፍ ደብዳቤ፦ የእንከን መስፈርቶች ስያሜና አገላለጽ

አንድ ገዢ ድርጅት የቀረበለትን ዕቃ ፈትሾ ሳይቀበለው ሲቀር ለአቅራቢው ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ሁለት ነገሮችን ማድረስ አለበት፤ የመጀመሪያው ዕቃው ፍተሻውን አለማለፉን ማሳወቅ ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ አቅራቢው ዕቃውን አርሞ መልሶ ለማቅረብ የሚያስፈልጉትን መስፈርቶች መዘርዘር ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ ወዲህ በልብስ ስፌት ሥራ ላይ እንዲህ ያለው ደብዳቤ በውጭ ቋንቋ ተጽፎ ወደ አማርኛ የሚመለስበት፣ ወይም በቀጥታ በአማርኛ የሚረቀቅበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ትርጉሙ በአንዲት ቃል ሲሳሳት መዘዙ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ አይቀርም፤ መታረም የሚገባው ሳይታረም፣ መጣል የማይገባው ተጥሎ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ለእንደዚህ ያለው ደብዳቤ የትኞቹ ቃላት እንደሚስማሙ፣ የትኞቹ እንደሚያሳስቱ፣ እንዲሁም አንድ የእንከን ስም መስፈርት ለመባል ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ነው።

ሐሳቡ በምሳሌ እንዲጨበጥ አንድ ጉዳይ ወስደን እስከ መጨረሻው እንከተላለን። አቅራቢው 1200 ነጭ የወንድ ሸሚዞች አቅርቧል እንበል። ገዢውና አቅራቢው በውላቸው ፍተሻው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ባወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 2859-1 በተባለው የናሙና አወሳሰድ ደንብ እንዲካሄድ ተስማምተዋል። በዚህ ደንብ መሠረት፣ በተለመደው የፍተሻ ደረጃ፣ ከ501 እስከ 1200 ለሚደርስ ብዛት 80 ሸሚዞች በዘፈቀደ ተመርጠው ይታያሉ። ውሉ ለዐቢይ እንከን 2.5፣ ለንዑስ እንከን 4.0 የሆነ ወሰን ስለ ሰጠ፣ ከ80ው ውስጥ ዐቢይ እንከን ያለባቸው ሸሚዞች እስከ 5 ከሆኑ ሎቱ ያልፋል፤ 6 ከደረሱ አያልፍም። ለንዑስ እንከን ማለፊያው 7፣ ማስቀሪያው 8 ነው። ፈታሾቹ በ9 ሸሚዞች ላይ ዐቢይ፣ በ6 ሸሚዞች ላይ ደግሞ ንዑስ እንከን አገኙ። ስለዚህ ሎቱ ያላለፈው በዐቢዩ እንከን ብቻ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ደብዳቤ የሚያረቅ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣለት ዐረፍተ ነገር «በፍተሻው የ9 ሸሚዞች ጉድለት ተገኝቷል» የሚል ነው። ዐረፍተ ነገሩ ለጻፈው ሰው ግልጽ ቢሆንም ለተቀባዩ ግን ሌላ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። «ጉድለት» «ጎደለ» ከሚለው ግስ የወጣ እንደ መሆኑ በንግድና በሒሳብ ቋንቋ ቀዳሚ ትርጉሙ የብዛት ማነስ ነው፤ የገንዘብ ጉድለት፣ የዕቃ ጉድለት ስንል መኖር ከሚገባው ያነሰ ተገኘ ማለታችን ነው። የመጋዘን ኀላፊ ይህን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ 1200 ሸሚዝ ልኮ 1191 ብቻ እንደ ደረሰ ሊረዳና 9 ሸሚዞች ጨምሮ ሊልክ ይችላል። በዚህ ምክንያት የዕቃን የጥራት ችግር ለማመልከት «እንከን» የሚለውን ቃል እንመርጣለን። «እንከን» በሕዝቡ አነጋገር የታወቀ ነው፤ «እንከን የለሽ» የሚለው አባባል እንደሚያሳየው ዕቃው በቦታው እያለ በላዩ ላይ ያለን ነቀፌታ ያመለክታል እንጂ መጉደልን አያመለክትም። «ጉድለት» ደግሞ ብዛትን ለሚመለከት ደብዳቤ ተለይቶ ቢቀመጥ ሁለቱ ቃላት አይጋጩም። «ብልሽት» የሚለው ቃል ግን ሠርቶ ከሥራ ውጭ ለሆነ ዕቃ፣ በተለይም ለማሽን የሚስማማ ስለሆነ አንድ ዝላይ ስፌት ላለበት ሸሚዝ ይበዛበታል።

የእንከን ደረጃዎችን በተመለከተ ሦስት ስያሜዎች ይበቃሉ፤ እነዚህም አደገኛ፣ ዐቢይና ንዑስ ናቸው። አደገኛ የሚባለው የተጠቃሚውን አካል ሊጎዳ የሚችል ነው፤ ለምሳሌ በኮሌታ ውስጥ የቀረ የመርፌ ስባሪ። ዐቢይ የሚባለው ዕቃው ለተገዛበት ዓላማ እንዳይውል ወይም ገዢ እንዳይወስደው የሚያደርግ ሲሆን፣ ንዑስ ደግሞ ከተባለው ልክ ቢወጣም አገልግሎቱን የማይነካው ነው። ዐቢይና ንዑስ ከግእዝ የመጡ ጥንድ ቃላት ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል። «ከባድ» እና «ቀላል» ቢባሉ ግን ቃላቱ እንደ ዕለታዊ አነጋገር ስለሚላሉ «በጣም ከባድ»፣ «ትንሽ ቀላል» ወደሚል ማወላወል ይመራሉ።

«ሎት» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይሻል። አንዳንድ ተርጓሚ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ዕጣ» ብሎ ይመልሰዋል። በውጭው ቋንቋ አንዱ ቃል ሁለቱንም ትርጉም የሚይዝ ቢሆንም በአማርኛ ዕጣ የሚጣል፣ የሚወጣ ወይም የሚደርስ ነገር ነው፤ «ዕጣው ፍተሻ አላለፈም» ቢባል ትርጉም አይሰጥም። «ሎት» ራሱ በጨረታ ሰነዶች አማካይነት ወደ አማርኛ ገብቶ ተለምዷል፤ ነገር ግን በጨረታ ሎት ማለት ተጫራቾች ለየብቻ ዋጋ የሚሰጡበት የዕቃዎች ክፍል ነው። በፍተሻ ደግሞ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ተሠርቶ በአንድነት ለፍተሻ የቀረበ መጠን ማለት ነው። ቃሉን መተው ስለማያስፈልግ መፍትሔው በደብዳቤው መግቢያ ላይ «ሎት» ሲባል የትኞቹ ሸሚዞች፣ በየትኛው የማሸጊያ ዝርዝር፣ ስንት ካርቶን እንደ ሆኑ መግለጽ ነው። ያን ጊዜ ቃሉ በደብዳቤው ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የውሳኔው ግስ ነው። «ሎቱ ወድቋል» የፈተና ቋንቋ ሲሆን፣ «ሎቱ ውድቅ ተደርጓል» ደግሞ የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው። ውድቅ የተደረገ አቤቱታ የተዘጋ ጉዳይ ስለሆነ ይህን ያነበበ አቅራቢ ውሉ እንደ ተቋረጠ ቆጥሮ ዕቃውን ለሌላ ገዢ ለመሸጥ ሊነሣ ይችላል። በመሠረቱ ግን የደብዳቤው መልእክት እንዲህ አይደለም፤ ዕቃው ባለበት ሁኔታ ተቀባይነት አላገኘም፣ ታርሞ ሲቀርብ ግን እንደገና ይታያል ነው የሚለው። ስለዚህ «ሎቱ ፍተሻውን አላለፈም» የሚለው አገላለጽ ውሳኔውን ሳያለዝብ በሩን ክፍት ይተወዋል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነጥብ ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ነው። በምሳሌያችን ዐቢይ እንከን ያለባቸው ሸሚዞች 9 ሲሆኑ የእንከኖቹ ብዛት 10 ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ሸሚዝ ዝላይ ስፌትም የዘይት እድፍም አለበት። እዚህ ላይ ልዩነቱ ውሳኔውን አልለወጠውም። ነገር ግን በ5 ሸሚዞች ላይ 7 እንከኖች ተገኝተው ቢሆን በሸሚዝ ሲቆጠር ሎቱ ያልፋል፤ በእንከን ሲቆጠር ግን አያልፍም። ስለዚህ «7 ዐቢይ እንከን ተገኘ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ያለፈውን ሎት ያላለፈ ሊያስመስለው ይችላል። «እንከን ያለባቸው ሸሚዞች» እና «እንከኖች» የሚሉት ሁለት አገላለጾች አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያሻል።

የወሰኑ ስያሜም በዚሁ መንገድ ያሳስታል። ቀደም ሲል በውጭው ቋንቋ «ተቀባይነት ያለው የጥራት ደረጃ» ይባል የነበረው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የአይ.ኤስ.ኦ. 2859-1 እትም «የመቀበያ ጥራት ወሰን» በሚል ተለውጧል። የቀድሞው ስያሜ ከመቶ ሁለት ተኩል እንከን የተፈቀደ ነው የሚል ስሜት ያሳድር ነበር፤ ነገር ግን ወሰኑ ናሙናን ለመመዘን የተቀመጠ እንጂ አቅራቢው እያወቀ እንከን ያለበት ዕቃ እንዲልክ የሚፈቅድ አይደለም። በአማርኛም ዛሬ ለሚጻፍ ደብዳቤ «የመቀበያ ጥራት ወሰን» የሚለው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ወደ መስፈርቶቹ እንምጣ። «መስፈርት» የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ እህል በቁና ሲሰፈር እንደሚባለው መለካት ማለት ነው። በዚህ አነጋገር ልክ የሌለው ነገር መስፈርት ሊባል አይችልም። ሆኖም በብዙ ደብዳቤዎች በመስፈርት ስም የሚዘረዘሩት የእንከን ስሞች ብቻ ናቸው፦ «የስፌት ችግር፣ የልክ ችግር፣ የንጽሕና ችግር»። ይህን የተቀበለ አቅራቢ 1200 ሸሚዞች ፊቱ ደርድሮ የትኛውን እንደሚለይ አያውቅም። አንድ የእንከን መስፈርት አራት ነገሮችን መያዝ አለበት፤ እነዚህም የእንከኑ ስም፣ በዕቃው ላይ የሚታይበት ቦታ፣ ከዚህ ካለፈ እንከን ነው የሚባልበት ልክ፣ እንዲሁም ልኩ የሚወሰድበት መንገድ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ገዢውና አቅራቢው አንዱን ሸሚዝ ይዘው የተለያየ ፍርድ ይሰጣሉ።

ለምሳሌ «የደረት ልክ ትክክል አይደለም» የሚለውን እንመልከት። ስምና ቦታ አለው፤ ልክና መንገድ ግን የለውም። በውሉ መሠረት የዚህ ሸሚዝ የደረት ስፋት 56 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የ1 ሳንቲ ሜትር ጭማሪ ወይም ቅናሽ ይፈቀዳል። ነገር ግን ሸሚዙ ተዘርግቶ ይለካ ወይስ ተወጥሮ? ቁልፉ ተቆልፎ ወይስ ሳይቆለፍ? ከብብቱ መገናኛ ላይ ወይስ ከዚያ ዝቅ ብሎ? መልሱ በተለወጠ ቁጥር ንባቡም ከተፈቀደው ልክ ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል። ስለዚህ የልኩ መንገድ የመስፈርቱ አካል ነው እንጂ ተርጓሚ ለማሳጠር ሲል የሚዘለው ዝርዝር አይደለም።

መስፈርቱ ከተሟላ በኋላ አቅራቢው ምን እንዲያደርግ እንደሚጠበቅ በትክክለኛው ግስ መገለጽ አለበት። ዓለም አቀፉ የጥራት ቃላት ደንብ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 9000፣ ሁለት ነገሮችን ይለያል። አንደኛው ከልክ ውጭ የሆነውን ዕቃ ወደ ተባለው ልክ መመለስ ነው፤ ይህን «እርማት» እንለዋለን። ሁለተኛው ዕቃው የተባለውን ልክ ባያሟላም እንኳ ለአገልግሎት እንዲበቃ ማድረግ ነው፤ ይህን «ጥገና» እንለዋለን። የተቀደደ ሸሚዝ ቢጣፍ ተጠግኗል እንጂ አልታረመም። ገዢው እርማት ጠይቆ ተርጓሚው «ይጠገን» ብሎ ከጻፈ የተጣፈ ሸሚዝ ተመልሶ ቢመጣ አቅራቢውን መውቀስ አይቻልም። «እንደገና ይሠራ» የሚለውም ቢሆን ከአዲስ ጨርቅ ተቆርጦ ይሰፋ የሚል ትርጉም ስለሚሰጥ አይመረጥም። ሊታረም የማይችለው ደግሞ «ከሎቱ ይውጣ» ይባላል።

እስካሁን የተባለውን በአንድ ላይ ለማየት ለምሳሌያችን የሚስማማውን ደብዳቤ ከዚህ በታች አቅርበናል።

ቁጥር ………
ቀን ………

ለአቅራቢው ድርጅት

ጉዳዩ፦ ፍተሻውን ስላላለፈ የሸሚዝ ሎት

በውላችን መሠረት ያቀረባችሁት 1200 ነጭ የወንድ ሸሚዝ የያዘ ሎት፣ ማለትም በማሸጊያ ዝርዝሩ ከካርቶን 1 እስከ 60 የተመዘገበው፣ ፍተሻውን አላለፈም። ከሎቱ 80 ሸሚዞች በናሙናነት ታይተው በ9 ሸሚዞች ላይ 10 ዐቢይ እንከኖች ተገኝተዋል፤ በውሉ የተፈቀደው እስከ 5 ሸሚዝ ነው። አደገኛ እንከን አልተገኘም። ቁጥሩ የናሙናው ብቻ ስለሆነ ተመሳሳይ እንከን በቀሩት ሸሚዞች ላይም እንደሚኖር ይገመታል። ስለዚህ ድርጅታችሁ 1200ውንም ሸሚዞች አንድ በአንድ በሚከተሉት መስፈርቶች እንዲለይ እንጠይቃለን።

1. ዝላይ ስፌት (በናሙናው 4)። ከብብት መገናኛ በማንኛውም አቅጣጫ እስከ 5 ሳ.ሜ. ድረስ ክሮቹ ሳይያያዙ የቀሩበት አንድ ዝላይ እንኳ ቢገኝ እንከን ነው። ስፌቱ በሁለት እጅ በቀስታ ሳብ ተደርጎ ይታያል። እርማት፦ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ከዝላዩ በግራና በቀኝ ቢያንስ 2 ሳ.ሜ. አልፎ እንደገና ይሰፋ፤ የቀድሞው የመርፌ ቀዳዳ ከውጭ መታየት የለበትም።

2. የደረት ልክ (በናሙናው 3፤ የተገኙት ልኮች 54.2፣ 54.6 እና 57.4 ሳ.ሜ.)። ልኩ ከ55 ሳ.ሜ. ካነሰ ወይም ከ57 ሳ.ሜ. ከበለጠ እንከን ነው። ሸሚዙ ተቆልፎ፣ ሳይወጠር በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ከብብት መገናኛ 2.5 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ከጎን ስፌት እስከ ጎን ስፌት ይለካል። እርማት፦ የሰፋው በጎን ስፌቱ ይጥበብ። የጠበበው የስፌት ትርፉ ለማስፋት ስለማይበቃ ከሎቱ ይውጣ።

3. የዘይት እድፍ (በናሙናው 3)። በኮሌታ ወይም በፊት ለፊት ክፍል ላይ፣ በመደበኛ ብርሃን ከ60 ሳ.ሜ. ርቀት የሚታይ ማንኛውም እድፍ እንከን ነው። እርማት፦ እድፉ ይጽዳ፤ ከደረቀ በኋላ በዙሪያው ምልክት ከቀረ ወይም የጨርቁ ቀለም ከተለወጠ ሸሚዙ ከሎቱ ይውጣ።

በ6 ሸሚዞች ላይ ከ1 ሳ.ሜ. የረዘመ ያልተቆረጠ ክር ተገኝቷል። ይህ ንዑስ እንከን በተፈቀደው ወሰን ውስጥ ስለሆነ ሎቱ ላለማለፉ ምክንያት አይደለም፤ ለመረጃ ያህል ገልጸናል።

ሎቱ ታርሞ ሲቀርብ በእያንዳንዱ መስፈርት የተለዩት፣ የታረሙትና የወጡት ሸሚዞች ብዛት ተጽፎ ይቅረብልን። ሎቱ በአዲስ ናሙና ይፈተሻል።

ከሰላምታ ጋር

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይጠቅማል። አንደኛ፣ ደብዳቤው «9 ሸሚዞች» ብሎ አልቆመም። ብዛቱ ብቻውን ቢጻፍ አቅራቢው ዘጠኙን ለውጦ ሎቱን መልሶ ሊያቀርብ ይችላል፤ ይህ በፍተሻ ሥራ ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ስሕተት ነው። በደንቡ መሠረት ያላለፈ ሎት ተመልሶ የሚቀርበው ሁሉም ዕቃዎች እንደገና ታይተው፣ እንከን ያለባቸው ከወጡ ወይም ከታረሙ በኋላ ነው። በሌላ በኩልም 9 ከ80 ስለሆነ ከ1200ው 135 ሸሚዞች እንከን አለባቸው ብሎ መጻፍ አይገባም። ናሙናው ለውሳኔ ይበቃል እንጂ ትክክለኛውን ብዛት አይናገርም፤ ቁጥሩ በደብዳቤ ከሰፈረ ግን አቅራቢው 135 ሸሚዞች እስኪያገኝ ለይቶ ሊያቆም ይችላል።

ሁለተኛ፣ «ድርጅታችሁ እንዲለይ» ተባለ እንጂ «እንዲለይ ይደረግ» አልተባለም። በቢሮ አማርኛ ባለቤቱን የሚሸሽግ ግስ የተለመደ ነው፤ «ይስተካከል ዘንድ» ሲባል ሥራውን ማን እንደሚያከናውን፣ ወጪውስ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። በዝርዝሩ ውስጥ «ይሰፋ»፣ «ይጥበብ» ማለት የተቻለው ባለቤቱ ከዝርዝሩ በፊት አንድ ጊዜ በግልጽ ስለ ተሰየመ ነው።

ሦስተኛ፣ ንዑሱ እንከን ከመስፈርቶቹ ዝርዝር ውጭ ተቀምጧል። ከዐቢዮቹ ጋር ተደባልቆ በተራ ቁጥር 4 ቢሰፍር አቅራቢው ሎቱ የቀረው በክር ምክንያትም ነው ብሎ ይረዳል። ክር መቁረጥ ከሁሉም የቀለለ ሥራ ስለሆነም ቀኑን በእሱ ሊፈጅ ይችላል። የአንድን ሐሳብ ቦታ መለወጥ ትርጉሙን እንደሚለውጥ ተርጓሚዎች ያውቃሉ፤ እዚህም ላይ ይኸው ነው።

ለተርጓሚ አንድ የመፈተኛ ዘዴ አለ። ደብዳቤው ከተረቀቀ በኋላ ውሉንም ሸሚዙንም ላላየ ሰው መስፈርቶቹ ብቻ ይሰጡትና ጥቂት ሸሚዞች እንዲለይ ይደረግ፤ ተርጓሚውም እነዚያኑ ሸሚዞች በዋናው ጽሑፍ መሠረት ለብቻው ይለይ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሸሚዞች ከለዩ ትርጉሙ ደርሷል። በአንድ ሸሚዝ ላይ ከተለያዩ ደግሞ ልዩነቱ ከአራቱ ክፍሎች በአንዱ፣ ማለትም በስሙ፣ በቦታው፣ በልኩ ወይም በአለካኩ ላይ ስለሚገኝ ወደዚያ ተመልሶ ማረም ነው።